በርጭትና በርጭት መካከል፦ ሙሉና ከፊል ቅርጸ ለውጥ ለበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት ቁጥጥር የሚሰጡት የጊዜ ስሌት፣ በማንቡክ አካባቢ የጼጼ ዝንብ ምሳሌነት

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ነፍሳት ከእንቁላል ወደ ጎልማሳነት የሚደርሱት በከፊል ወይም በሙሉ ቅርጸ ለውጥ ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከአንድ ተግባራዊ ጥያቄ አንጻር ይመረምራል፤ ይኸውም ፀረ ነፍሳት ኬሚካል አንድ ጊዜ ከተረጨ በኋላ ሁለተኛው ርጭት መቼ መከናወን እንዳለበትና ርጭቱ ስንት ጊዜ መደጋገም እንዳለበት ነው። መልሱ የሚገኘው ከነፍሳቱ የሕይወት ዑደት ሁለት ርዝመቶች ነው። አንደኛው ኬሚካሉ የማይደርስበት የዕድገት ደረጃ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ ደረጃ የወጣው ነፍሳ ተተኪውን ለመውለድ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ስሌቱ በመጀመሪያ በቅማል ላይ ይታያል፤ ቀጥሎ በወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ላይ ለምን መልኩን እንደሚቀይር ይብራራል፤ በመጨረሻም በመተከል ቆላ የገንዲ በሽታን በሚያስተላልፈው ጼጼ ዝንብ ላይ በዝርዝር ይሠራል።

1. መግቢያ

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ማንቡክ በበለስ ወንዝ ተፋሰስ ቆላ ውስጥ ትገኛለች። በዚህ ቆላ ሦስት ዓይነት ደም መጣጭ ነፍሳት የየራሳቸውን በሽታ ያስተላልፋሉ። የወባ ትንኝ ሰውን፣ ጼጼ ዝንብ ከብትን ያሳምማሉ። የልብስ ቅማል ደግሞ ብዙ ሰዎች ልብስ ሳይቀይሩ ተጠጋግተው በሚያድሩባቸው መጠለያዎች የአገርሺ ትኩሳት (ግርሻ) ሥጋት ይሆናል። ሦስቱም በተመሳሳይ የኬሚካል ቤተሰብ ሊገደሉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ለአንዱ የተዘጋጀ የጊዜ ሰሌዳ ለሌላው ሲውል ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ክሽፈቱም በኬሚካሉ ደካማነት ወይም በነፍሳቱ መላመድ ሲመካኝ ይሰማል። የኬሚካል መላመድ እውነተኛ ችግር መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን መላመድን ከመጠርጠር በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ቀዳሚ ጥያቄ አለ፦ ኬሚካሉ በተረጨበት ቀን ከሕዝበ ነፍሳቱ ምን ያህሉ ኬሚካሉ በማይደርስበት ቦታ ነበር?

2. ሁለቱ የለውጥ መንገዶች

በከፊል ቅርጸ ለውጥ የሚያድግ ነፍሳ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም እንቁላል፣ ኒምፍና ጎልማሳ ናቸው። ከእንቁላል የሚወጣው ኒምፍ የወላጁ ትንሽ አምሳያ ነው። በወላጁ ቦታ ይኖራል፣ የወላጁን ምግብ ይመገባል፣ ቆዳውን እየገፈፈ ያድጋል፤ የሚጎድለው የመራቢያ አካልና፣ ክንፍ ባላቸው ዝርያዎች፣ ክንፍ ነው። የበረሃ አንበጣ፣ ትኋንና ቅማል በዚህ መንገድ ያድጋሉ። ቅማል ሦስት የኒምፍ ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ትኋን አምስት አለው፤ የሁለቱም ኒምፎች እንደ ጎልማሳው ደም ይመጣሉ።

በሙሉ ቅርጸ ለውጥ የሚያድግ ነፍሳ ግን አራት ደረጃዎችን ያልፋል፤ እነርሱም እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓና ጎልማሳ ናቸው። እጩ ከጎልማሳው በመልክ፣ በምግብና በመኖሪያ ይለያል። ፑፓ ምግብ የማይወስድ ሲሆን፣ በውስጡ የእጩ አካል ፈርሶ የጎልማሳው አካል ይገነባል። ትንኝ፣ ዝንብ፣ ቁንጫ፣ ቢራቢሮና ጥንዚዛ በዚህ መንገድ ያድጋሉ። በአንዳንድ የአማርኛ የግብርና ጽሑፎች «ኩብኩባ» የሚለው ቃል ለክንፍ አልባው አንበጣም ለፑፓም ስለሚውል፣ ውዥንብርን ለማስወገድ በዚህ ጽሑፍ ኒምፍና ፑፓ የሚሉትን ቃላት እንጠቀማለን።

ለቁጥጥር ሥራ ዋናው ልዩነት የደረጃዎቹ ብዛት ሳይሆን የመኖሪያቸው አቀማመጥ ነው። በከፊል ቅርጸ ለውጥ ኒምፉና ጎልማሳው በአንድ ቦታ ስለሚገኙ፣ አንድ ርጭት ሁለቱንም ያገኛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው እንቁላሉ ብቻ ነው። በሙሉ ቅርጸ ለውጥ ግን እጩ፣ ፑፓውና ጎልማሳው በተለያየ ቦታ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ጎልማሳውን የሚገድል ርጭት ሌሎቹን አይነካም፤ እጩን የሚገድል መድኃኒትም ፑፓውን ላይነካ ይችላል። ስለዚህ «ርጭቱ ተሳክቷል» የሚለው አባባል በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ካልተገለጸ ትርጉም የለውም።

3. የጊዜው ስሌት በቅማል ላይ ሲታይ

ለስሌቱ ሁለት መጠሪያዎች ያስፈልጉናል። ኬሚካሉ የማይገድለው ደረጃ የሚፈጀውን ረጅሙን ጊዜ «የመሸሸጊያ ጊዜ» እንበለውና በ H እንወክለው። ከመሸሸጊያው የወጣው ነፍሳ አድጎ የመጀመሪያውን ተተኪ ወደ መሸሸጊያው እስኪያስገባ ያለውን አጭሩን ጊዜ ደግሞ «የመራቢያ ዋዜማ» ብለን በ M እንወክለው። በሁለት ተከታታይ ርጭቶች መካከል ያለው ልዩነት d ቀን፣ የርጭቱ ብዛት n ይሁን። ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ d ከ M ማነስ አለበት፤ አለዚያ ከመሸሸጊያ የወጣው ነፍሳ ሳይያዝ ይራባል። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ርጭት ያለው ጊዜ ቢያንስ H ያህል መሆን አለበት፤ አለዚያ ከመጨረሻው ርጭት በኋላ የሚወጣ ይኖራል። በቀመር ሲጻፍ፦

```
d < M
(n - 1) × d ≥ H
```

ቅማልን እንውሰድ። እንቁላሉን፣ ማለትም ቅጫሙን፣ የማይገድል መድኃኒት ተጠቅመናል እንበል። በሰውነት ሙቀት ቅጫም ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ኒምፉ ጎልማሳ ለመሆን ከ9 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል፤ እንቁላል የምትጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ H 10 ቀን፣ M ደግሞ ከ10 ቀን በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ማከም ከተፈለገ ሁለተኛው ሕክምና በ10ኛው ቀን አካባቢ መዋል አለበት፤ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ነው። ሁለተኛው በ7ኛው ቀን ከተሰጠ ዘግይተው የሚፈለፈሉት ቅጫሞች ያመልጣሉ። በየ7 ቀኑ መሥራት የሚቀል ከሆነ ስሌቱ ሦስተኛ ሕክምና በ14ኛው ቀን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አንድ የ7 ቀን ልዩነት 10 ቀንን አይሸፍንም፣ ሁለቱ ግን ይሸፍናሉ። በ14ኛው ቀን ደግሞ በ15ኛው ቀን መድገም የተሻለ ይሆን ነበር ብሎ የሚጨነቅ ሰው በከንቱ ይጨነቃል፤ በ10ኛው ቀን የተፈለፈለው ኒምፍ ገና አልጎለመሰምና።

የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ላይ ስለሆነ ሌላ መውጫ መንገድ ይሰጣል። መሸሸጊያውን ራሱን ማጥፋት ከተቻለ ስሌቱ አያስፈልግም። ልብስንና አንሶላን ቢያንስ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ለ5 ደቂቃ ማቆየት ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል። በዚህ ጊዜ H ዜሮ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ የተሟላ ሥራም ይበቃል። የልብስ ሙቀት ማከሚያ ከዱቄት መድኃኒት የሚመረጥበት አንዱ ባዮሎጂያዊ ምክንያት ይህ ነው።

4. ስሌቱ ማብቂያ የሚያጣበት ሁኔታ፦ የወባ ትንኝ

የአገራችን ዋነኛ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ሙሉ ቅርጸ ለውጥ የምታሳይ ትንኝ ናት። እንቁላሏ፣ እጯና ፑፓዋ በውኃ፣ ጎልማሳዋ በአየርና በቤት ውስጥ ይኖራሉ። በቆላ ሙቀት እንቁላሉ በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል፣ ፑፓው 2 ቀን ያህል ይቆያል፣ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ያለው ጠቅላላ ጊዜም ከ10 ቀን ብዙ አይርቅም።

በውኃ ላይ የሚረጨው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ የተባለው ባክቴሪያ እጩን የሚገድለው ሲበላ ነው። ፑፓ ምግብ ስለማይወስድ አይሞትም፤ ወደ ፑፓነት ሊለወጥ ጥቂት ሰዓታት የቀሩት አራተኛ ደረጃ እጭም መብላት ስለሚያቆም ያመልጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተረጨ ማግስት ከኩሬው ጥቂት ጎልማሶች ቢወጡ የመድኃኒቱ ድክመት ምልክት አይደለም። የሥራው ውጤት መለካት ያለበት ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ በውኃው ውስጥ የቀሩትን ትልልቅ እጮች በመቁጠር ነው። በአንጻሩ ፓይሪፕሮክሲፌን የተባለው የዕድገት አወናባጅ የነፍሳቱን የልጅነት ሆርሞን ስለሚመስል እጩን በሕይወት ይተወዋል፤ የሚያግደው ፑፓው ወደ ጎልማሳ እንዳይለወጥ ነው። በዚህ መድኃኒት የታከመ ኩሬ በሕያው እጭ ሞልቶ ቢታይ መደናገጥ አይገባም፤ መቆጠር ያለበት ከፑፓው የሚወጣው ጎልማሳ ነው። ሁለት መድኃኒቶች፣ ሁለት የተለያዩ የዕድገት ደረጃዎች፣ ስለዚህም ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ማለት ነው።

የቅማሉ ስሌት በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ የማይሠራው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ኩሬው ክፍት ሥርዓት ነው። ዛሬ ቢጸዳ ነገ ማታ ከሌላ ቦታ የመጣች ሴት ትንኝ ትጥልበታለች። ስለዚህ የ d ገደብ ይቀራል፤ ማለትም በሞቃት ውኃ እጩ በሳምንት ጊዜ ፑፓ ስለሚሆን መድኃኒቱ በየሳምንቱ ይደገማል። የ n ገደብ ግን ይጠፋል፤ ኩሬዎቹ እስካሉ ድረስ ሥራው አይቋረጥም። የእጭ ቁጥጥር ኩሬዎቹ ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኙ በሆኑበት በበጋ ወቅት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ጎልማሳዋን የሚያጠቃው የቤት ውስጥ ርጭት ጊዜም ከዚሁ ዑደት ይነበባል። ዝናቡ ኩሬ ሲፈጥር ከመጀመሪያው እንቁላል እስከ መጀመሪያዋ ጎልማሳ 10 ቀን ያህል፣ እርሷ ደም እስክትመጥ 2 ቀን ያህል፣ የፋልሲፓረም ጥገኛ ተውሳክ በ25 ዲግሪ በሰውነቷ ውስጥ እስኪበስል ደግሞ 12 ቀን ያህል ያልፋል። ድምሩ ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። ርጭቱ ከዚህ ጊዜ በፊት ካልተጠናቀቀ የመጀመሪያው ተላላፊ ትውልድ ያልተረጨ ግድግዳ ያገኛል። ርጭቱ እጅግ ቀድሞ ከተካሄደ ደግሞ፣ በአገራችን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሚዘልቀው ዋናው የወባ ወቅት ኬሚካሉ ከግድግዳው ላይ ይደክማል።

5. ጼጼ ዝንብ፦ ሙሉ ቅርጸ ለውጥ፣ ግን የተደበቀ

በኢትዮጵያ አምስት የጼጼ ዝርያዎች ይገኛሉ። በዓባይና በበለስ ተፋሰስ ቆላዎች የሚታወቁት ግሎሲና ታኪኖይደስና ግሎሲና ሞርሲታንስ ሰብሞርሲታንስ ናቸው። የመጀመሪያው ከወንዝ ዳር ዛፍ ጥላ ብዙ አይርቅም፤ ሁለተኛው በዛፋማ ሣር ምድር ይሰፋል። ሁለቱም የሚያስተላልፉት የገንዲ በሽታ ከብትን አክስቶ፣ ደም አሳንሶ ይገድላል፤ በሬ በሌለበት ማሳ ማረስ ስለማይቻልም ጉዳቱ ከከብቱ ሞት ይሻገራል።

ጼጼ በምደባ ከትንኝ ጋር ሙሉ ቅርጸ ለውጥ ካላቸው ነፍሳት ትመደባለች። ሆኖም የተለመደውን ሥዕል ይዞ ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው ይሳሳታል። እንቁላሏን አትጥልም። በአንድ ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ በማሕፀኗ ውስጥ ይፈለፈላል፣ እጩም ከማሕፀኗ እጢ በሚመነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ እየተመገበ ሦስት ደረጃዎችን እዚያው ይጨርሳል። ሙሉ በሙሉ ያደገው እጭ በጥላ ሥር፣ ልል አፈር ላይ ይወለዳል፤ ወዲያውኑ ወደ አፈሩ ይቆፍርና ቆዳው ጠንክሮ የፑፓ ሽፋን ይሆናል። ምግብ የሚፈልግ፣ በሜዳ የሚገኝ እጭ የለም ማለት ነው። የእጭ ቁጥጥር የሚባል ነገር በጼጼ ላይ የማይታሰበው ለዚህ ነው። እጩ በእናቱ ሆድ ስላለ እናቲቱን መግደል እጩንም መግደል ነው፤ ፑፓው ግን ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ሥር ስለሆነ ምንም ዓይነት ርጭት አይደርስበትም።

በዚህ ምክንያት ጼጼ በምደባ ከትንኝ ጋር ብትሆንም በጊዜ ስሌት ከቅማል ጋር ትሰለፋለች። ሊገደል የሚችል አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም ጎልማሳው ነው። የማይነካ አንድ መሸሸጊያም አለ፤ ይኸውም ፑፓው ነው። የሚለየው የርዝመቱ መጠን ነው። በቅማል H እና M ሊተካከሉ ሲቃረቡ፣ በጼጼ ግን H ከ M ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ርጭት ብቻውን በምንም የጊዜ ድልድል ሊበቃ አይችልም።

ርዝመቶቹ በሙቀት ይወሰናሉ። በዚምባብዌ የተካሄዱ ጥናቶች ለሞርሲታንስ ቡድን ዝርያዎች ያስገኟቸው ቀመሮች በሰፊው ይጠቀሱባቸዋል። በእነርሱ መሠረት በ25 ዲግሪ የሴት ፑፓ 26 ቀን፣ የወንድ ፑፓ 28 ቀን ያህል ይቆያል፤ ከፑፓ የወጣች ሴትም የመጀመሪያ እጯን በ16ኛው ቀን አካባቢ ትወልዳለች፣ ከዚያ በኋላ በየ9 ቀኑ ገደማ ትቀጥላለች። በ20 ዲግሪ ግን የሴት ፑፓ 47 ቀን፣ የወንድ ፑፓ 50 ቀን ያህል ሲፈጅ፣ የመጀመሪያው ወሊድ በ19ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲቀንስ የመራቢያ ዋዜማው የተራዘመው በ3 ቀን ብቻ ነው፤ የመሸሸጊያው ጊዜ ግን በሦስት ሳምንት ጨመረ።

ወደ ቀመሩ ስንመለስ፣ በ25 ዲግሪ ሁለት ቀን ለጥንቃቄ ትተን d 14 ቀን ብናደርግ፣ 28 ቀንን ለመሸፈን ሁለት ልዩነቶች፣ ማለትም ሦስት ርጭቶች ያስፈልጋሉ። በ20 ዲግሪ ያንኑ የ14 ቀን ልዩነት ብንጠብቅ 50 ቀንን ለመሸፈን አራት ልዩነቶች፣ ማለትም አምስት ርጭቶች ያስፈልጋሉ። በቦትስዋና የኦካቫንጎ ደልታ በ2001 እና በ2002 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን በተካሄደው ተከታታይ የጉም ርጭት በየዓመቱ አምስት ዙር የተደረገው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። የጉም ርጭት ኬሚካሉ መሬት አጠገብ እንዲቆይ ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜው ግን ፑፓውን ስለሚያዘገይ ተጨማሪ ዙር ያስከፍላል።

6. በማንቡክ አካባቢ የሚሠራ ምሳሌ

አንድ የቁጥጥር ቡድን በበለስ ገባር ዳር በተከለለ ቦታ ዝንቡን በአጭር ጊዜ ለማጥፋት አቅዷል እንበል። ቆይታ የሌለው ርጭት በ14 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ፣ ማለትም በዜሮኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ያካሂዳል። ዕቅዱ የተሠራው ከአየር ሁኔታ ጣቢያ በተገኘ የ25 ዲግሪ አማካይ ሙቀት ነው። ጣቢያው ግን ገላጣ ቦታ ላይ ነው፤ ፑፓው ያለው በዛፍ ጥላ ሥር በእርጥብ አፈር ውስጥ ነው። የአፈሩ ሙቀት 22 ዲግሪ ቢሆን ምን ይከተላል?

በ22 ዲግሪ የሴት ፑፓ 35 ቀን፣ የወንድ ፑፓ 38 ቀን ያህል ይቆያል። በመጀመሪያው ርጭት ዕለት በአፈሩ ውስጥ ያሉት ሴት ፑፓዎች ባለፉት 35 ቀናት በእኩል መጠን የተወለዱ ናቸው እንበል። ከርጭቱ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት የተወለዱት የሚወጡት ከ28ኛው ቀን በኋላ፣ ማለትም ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ነው። ከ35 ሰባቱ ማለት አንድ አምስተኛው ሴት ፑፓ ያመልጣል ማለት ነው። ሁሉም ርጭት ጎልማሳውን መቶ በመቶ ገድሎ እንኳ፣ በ3 ዲግሪ ስህተት ብቻ ሥራው ይከሽፋል።

መፍትሔው የኬሚካሉን መጠን መጨመር አይደለም። በ42ኛው ቀን አንድ ዙር መጨመር ብቻ ይበቃል። ከ28ኛው ቀን በኋላ የወጣችው የመጀመሪያዋ ሴት በ42ኛው ቀን 14 ቀን ያህል ይሆናታል፤ በ22 ዲግሪ የመጀመሪያው ወሊድ 17ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ስለሚሆን ሳትወልድ ትያዛለች። የመጨረሻዎቹ ወንዶችም በ38ኛው ቀን ወጥተው ያበቃሉ።

ከዚህ ምሳሌ ለሰሌዳ አወጣጥ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሙቀት መለካት ያለበት ፑፓው ባለበት ቦታ፣ በጥላ ሥር በአፈር ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ የወቅት ምርጫ ይኖራል። የክልሉ ዝናብ በአንድ ረጅም ወቅት፣ በዋናነት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይጥላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሞቃት ጊዜ የፑፓውን ዘመን ያሳጥራል፤ በተጨማሪም ግሎሲና ታኪኖይደስ ጥላና እርጥበት ፍለጋ ወደ ወንዙ ዳር ትሰበሰባለች። መሸሸጊያው አጭር፣ የሚሸፈነው ቦታም ጠባብ የሚሆንበት ወቅት ይህ ነው።

በመስክ የሚበዛው አሠራር ግን ቆይታ ያለው ኬሚካል ነው፤ ለምሳሌ በከብት ጀርባ ላይ የሚፈስስ ዴልታሜትሪን ወይም ኬሚካል የተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ። በዚህ ጊዜ d የሚቆጠረው ከሥራ ቀን እስከ ሥራ ቀን ሳይሆን፣ የኬሚካሉ ኃይል ካበቃበት እስከሚታደስበት ቀን ነው። በከብቱ ጀርባ ላይ የፈሰሰው ኬሚካል በ4 ሳምንት ቢደክምና ቡድኑ በ10ኛው ሳምንት ቢመለስ፣ ክፍተቱ 42 ቀን ይሆናል። ይህ ከማንኛውም የመራቢያ ዋዜማ ይበልጣል። በክፍተቱ መጀመሪያ የወጣች ሴት በ25 ዲግሪ እስከ ሦስት እጭ ወደ አፈር ትከትታለች፤ ቀድሞ የተሠራው ሥራም ባዶ ይሆናል። ክፍተቱ ከ14 ቀን በታች ከሆነ ግን ሰንሰለቱ አይቀጥልም።

7. ክሽፈቱ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል?

ከመጨረሻው ዙር በኋላ በወጥመድ ዝንብ ቢያዝ፣ ቁጥሩ ብቻውን ምክንያቱን አይነግርም፤ ዕድሜው ግን ይነግራል። ከፑፓ እንደወጣ ደም ያልመጠጠ ዝንብ ሰውነቱ ልል ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይታወቃል። የሴቷ ዕድሜ ደግሞ ማሕፀኗንና እንቁላል ማምረቻዋን በማይክሮስኮፕ ከፍቶ በማየት ይገመታል፤ ምን ያህል ጊዜ እንቁላል እንዳወረደች ምልክቱ ይቀራል።

የተያዙት ልል ሰውነት ያላቸው ወጣቶች ከሆኑ ዙሩ ሳያልቅ ተቋርጧል፣ ወይም H ባነሰ ተገምቷል፤ መልሱ አንድ ዙር መጨመር ነው። ከመጨረሻው ርጭት ወዲህ ካለፉት ቀናት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሴቶች ከሆኑ ግን ከፑፓ ገና የወጡ ሊሆኑ አይችሉም። ወይ ርጭቱን ተርፈዋል፣ ወይ ከውጭ ገብተዋል። የተያዙት በድንበሩ አካባቢ ብቻ ከሆነ ከውጭ መግባታቸው ያመዝናል፤ የጨርቅ አጥር ማጠናከር ያስፈልጋል። በመሐል ቦታም ከተያዙ የርጭቱ ሽፋን ወይም የኬሚካሉ ኃይል ይመርመር። የመላመድ ምርመራ ተራው የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ስሌቱ ገደቦች አሉት። እያንዳንዱ ርጭት ጎልማሳውን ሁሉ ይገድላል፣ ከውጭም ዝንብ አይገባም ብሎ ይነሣል፤ ሁለቱም በተግባር ሙሉ በሙሉ አይሟሉም። ከላይ የተጠቀሱት ቀናትም ለሞርሲታንስ ቡድን የተገኙ በመሆናቸው፣ ለግሎሲና ታኪኖይደስ እንደ መነሻ እንጂ እንደ መጨረሻ ቁጥር አይወሰዱም። ከወንዙ ዳር ጥላ ሥር የፑፓ ቆይታን በየወሩ መለካት በአንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት ሊሸፈን የሚችል ሥራ ነው፤ ውጤቱም በቀጥታ ወደ ርጭት ሰሌዳ ይገባል።

8. ማጠቃለያ

የቅርጸ ለውጥ ዓይነት ስም ብቻውን ሰሌዳ አይሰጥም። ቅማል ከፊል፣ ጼጼ ሙሉ ቅርጸ ለውጥ ቢኖራቸውም ሁለቱም አንድ መሸሸጊያ ስላላቸው በአንድ ቀመር ይሰላሉ፤ ጼጼና ትንኝ ግን በአንድ ምድብ ሆነው የተለያየ ሰሌዳ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው በቅድሚያ የትኛው ደረጃ ከኬሚካሉ እንደሚሸሸግ፣ ለምን ያህል ቀን በዚያ እንደሚቆይ፣ የወጣውም በስንት ቀኑ እንደሚራባ ይጠይቅ። በማንቡክ ቆላ ለጼጼ ዝንብ መልሱ ያለው በወንዝ ዳር ጥላ ሥር፣ ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ቴርሞሜትሩም መተከል ያለበት እዚያው ነው።